ጨዉ የደበቀው እርሳስ

ማሽኑ 7 አለ፤ እኔም 7 ብዬ ጻፍኩ። ከስምጥ ሸለቆ የመጣ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ከንፈር ላይ ጨው ጨው የሚል። የምንለካው እርሳስ የተባለውን ብረት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ስለሆነ፣ 7 ከገደቡ በታች ነው። ሪፖርቱን ላክሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ አንጋፋው ኬሚስታችን ወረቀቴን ይዘው ቆመዋል።

«ስፓይክ አድርገሻል?»

«አይ፣ ጋሼ። የመለኪያ መስመሩ፣ ከርቩ፣ ቀጥ ያለ ነበር።»

«ከርቩማ በንጹህ አሲድ ነው የተሠራው። ውሃው ንጹህ ነው?»

አፍሬ ተቀመጥኩ። ስፓይክ ላደርግ ናሙናው ላይ 10 ማይክሮግራም በሊትር የሚሆን እርሳስ ጨመርኩና እንደገና ለካሁ። 17 መሆን ሲገባው 12 አለ። የጨመርኩት ግማሹ የት ገባ?

የገባው ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው። የእኛ አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን በግራፋይት ፈርነስ፣ ማለትም በትንሽ የግራፋይት ምድጃ፣ የሚሠራ ነው። ጠብታዋ መጀመሪያ ትደርቃለች፣ ከዚያ ትከስላለች፣ በመጨረሻ በከፍተኛ ሙቀት ወደ አቶም ትበተናለች፤ የሚለካው ይሄኔ ነው። ጨዋማ ውሃ ላይ ግን እርሳሱ ከክሎራይድ ጋር ተጣብቆ ገና በማክሰሉ ደረጃ ይተናል። ማሽኑ የሚያየው የተረፈውን ብቻ ነው።

በነጋታው በስታንዳርድ አዲሽን ሠራሁት። አራት ብልቃጥ፣ በእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ከዚያው ውሃ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተውኩት። በቀሩት ላይ በሊትር 10 ሚሊግራም ካለው ስታንዳርድ 10፣ 20 እና 30 ማይክሮሊትር ጨመርኩ፤ ይህም በሊትር 10፣ 20 እና 30 ማይክሮግራም ከፍ ያደርጋቸዋል። የብርሃን መምጠጥ ንባቡ 0.056፣ 0.096፣ 0.136፣ 0.176 መጣ። ጭማሪው በየ10ሩ 0.040 ነው፤ በንጹህ አሲድ ግን 0.080 ነበር። ጨዉ ናሙናውንም የጨመርኩትንም እኩል ስለሚሸረሽር፣ የራሱን የውሃውን መስመር መጠቀም ነው። 0.056ን ለአንድ ማይክሮግራም ለሚደርሰው 0.004 ሳካፍል 14 ወጣ።

ደስ ብሎኝ ላሳያቸው ሄድኩ። «ብላንኩስ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይህ ዘዴ የመስመሩን ተዳፋት እንጂ ከውጭ የገባ ብክለትን አያርምም። ብላንኩን፣ ማለትም ሜዳ ላይ በንጹህ ውሃ ተሞልቶ ያው አሲድ ተጨምሮበት የተመለሰውን ጠርሙስ፣ ስለካ 2 አለ። ስለዚህ ውሃው 12 ነው።

ለደንበኛው ደወልኩለትና 7 ያልነው 12 ሆኗል አልኩት።

«ያው ውሃ አይደለም እንዴ?»

«ያው ነው። ጨዉ አታልሎን ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «ባለፈው ወር የላክሁት ሦስቱስ?»

ማኅደሩን ከመደወሌ በፊት አውጥቼው ነበር። ሦስቱም በከርቭ የተለኩ፣ ሦስቱም ከዚያው ሰፈር።