ቁጣ ወይስ ሕመም፦ በመርደርና በማንስሎተር መካከል ያለውን መስመር እንዴት እንደተማርኩት

ለንደን ውስጥ ቀን ቀን አረጋውያንን እየተንከባከብኩ ማታ ማታ ሕግ እማር ነበር። በመጀመሪያው የወንጀል ሕግ ፈተና የጣለኝ አንድ ጥያቄ ነው። ለዓመታት በባሏ ስትደበደብ የኖረች ሴት አንድ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ትገድለዋለች፤ ጥፋቷ ምንድን ነው ይላል። እኔም "ደሟ ፈልቶ፣ አእምሮዋም ታውኮ ስለነበር ማንስሎተር ነው" ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዝ ሕግ ከባዱ የግድያ ወንጀል መርደር፣ ቀለል ተደርጎ የሚታየው ደግሞ ማንስሎተር ይባላል። መምህሬ ከዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የትኛው ነው? ቁጣው ነው ወይስ ሕመሙ? የሚያስረዳውስ ማን ነው?" ብላ መለሰችልኝ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አንዲት እናት ሕግ እንደምማር ሰምተው ኖሮ "ልጄ፣ ሰው ገድላ 'ነፍሰ ገዳይ አይደለችም' የሚባለው እንዴት ነው? የሞተው ሞቷል እኮ!" አሉኝ። ጥያቄያቸው ከመምህሬ ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑ የገባኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ለሁለቱም ልመልስ ብዬ አንድ እውነተኛ ጉዳይ መረጥኩና ከሥር ጀምሬ ሠራሁት። ጉዳዩ ኪራንጂት አህሉዋሊያ የምትባል ሴት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 እንግሊዝ ውስጥ ባሏን የገደለችበት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሴትየዋ በ1979 ካገባች ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ባሏ ሲደበድባትና ሲያስፈራራት ኖራለች። በዚያች ሌሊት በጋለ ካውያ ፊቷን ሊያቃጥል አስፈራራት፤ ጠዋትም እንደሚደበድባት ዝቶ ተኛ። እሷ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ከጥቂት ቀናት በፊት ገዝታ ያስቀመጠችውን ቤንዚን በባልዲ ቀዳች፣ ሻማ ከጋዝ ምድጃው ለኮሰች፣ እጇን እንዳያቃጥላት የምድጃ ጓንት ያዘች፤ ከዚያ በተኛበት ቤንዚኑን ደፍታ እሳቱን ለቀቀችበት። ሰውየው ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ሞተ። በታኅሣሥ 1989 ፍርድ ቤት በመርደር ጥፋተኛ አላት።

የእኔ የመጀመሪያ ስህተት እዚህ ጀመረ። መርደር መሆን አለመሆኑን ሳላረጋግጥ ወደ መከላከያው እየሮጥኩ ነበር። በእንግሊዝና ዌልስ ሕግ መርደርን ወደ ማንስሎተር የሚያወርዱት ሁለቱ መከላከያዎች፣ በአእምሮ ሕመም የተነሳ የተቀነሰ ኃላፊነትም ሆነ ራስን መቆጣጠር ማጣት፣ የሚነሱት የመርደር መመዘኛዎች በሙሉ ከተሟሉ በኋላ ብቻ ነው። መመዘኛው ደግሞ የመግደል ሐሳብ ብቻ አይደለም። ከባድ የአካል ጉዳት ለማድረስ ማሰብም ይበቃል። አህሉዋሊያ በችሎት የተከራከረችው "ላሳምመው እንጂ ልገድለው አልፈለግኩም" በሚል ነበር። በአማርኛ ስናስበው ይህ ትልቅ ልዩነት ይመስለናል፤ በዚያ ሕግ ግን በተኛ ሰው ላይ ቤንዚን ደፍቶ ያቃጠለ ሰው ከባድ ጉዳት አላሰበም ብሎ ጁሪን፣ ጥፋተኝነትን የሚወስኑትን ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ማሳመን ይከብዳል። ስለዚህ በወረቀቴ የመጀመሪያው መስመር ላይ "መርደር ነው፤ አሁን መከላከያ እንፈልግ" ብዬ ጻፍኩ። ይህን መስመር መጻፍ መጀመሬ ብቻ ብዙ ነገር አስተካከለልኝ።

ሕጉ ለምን እንዲህ ተሠራ ለሚለው መልሱ ቅጣቱ ውስጥ ነው። በ1965 የሞት ቅጣት ሲቀር መርደር አንድ ቅጣት ብቻ ተተወለት፤ ዕድሜ ልክ። ዳኛው የሚወስነው ጥፋተኛው በአመክሮ ለመፈታት ከመታየቱ በፊት ስንት ዓመት እንደሚታሰር ነው፤ ዕድሜ ልክነቱን ማስቀረት አይችልም። በማንስሎተር ግን ዕድሜ ልክ ጣሪያ ነው፤ ዳኛው ከዚያ በታች እንደ ጉዳዩ ይፈርዳል። እኛ ዘንድ ነገሩ በሌላ መንገድ ነው የተሠራው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ለተራው ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት፣ በአንቀጽ 541 በከባድ ትንኮሳና በኃይለኛ ስሜት ለተፈጸመው ቀላል ግድያ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት ያስቀምጣል። እኔ ሳላውቀው ይህን 541 በጭንቅላቴ ይዤ ነበር የእንግሊዙን ጥያቄ የምመልሰው። ቁጣውንና የሁኔታውን ክብደት አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያይ አንቀጽ ስለሆነ፣ "ደሟ ፈልቶ" ማለት በቂ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ከፈልኩና በግራ "ቁጣ"፣ በቀኝ "ሕመም" ብዬ ጻፍኩ።

በግራ በኩል በአህሉዋሊያ ጊዜ የነበረው ሕግ ትንኮሳ ይባል ነበር፤ የሚጠይቀውም ድንገተኛና ጊዜያዊ ራስን መቆጣጠር ማጣትን ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1992 ጉዳዩን ሲያይ ይህ መንገድ አልሠራላትም። ከዛቻው እስከ እሳቱ ድረስ ሰዓታት አልፈዋልና። የሚያሳዝነው፣ በጉልበት ከሚበልጣት ሰው ጋር የምትኖር ሴት ወዲያው አጸፋ የመመለስ ዕድል የላትም፤ ነገሩ ውስጧ ለዓመታት ሲንተከተክ ይቆያል። የ2009ኙ ሕግ፣ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ የሠራው፣ ትንኮሳን ሰርዞ ራስን መቆጣጠር ማጣትን ሲተካ "ድንገተኛ መሆኑ ግድ አይደለም" ብሎ በግልጽ ጻፈ።

እንግዲህ ዛሬ ብትከሰስ ትድን ነበር? እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ ደመደምኩ፤ ግን ደረጃ በደረጃ ስሄድ ነገሩ እንደዚያ ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ በእውነት ራሷን መቆጣጠር ማጣት አለባት። ፍርድ ቤቶች ይህን የሚረዱት አመዛዝኖ የመሥራት አቅምን ወይም የተለመደውን የማሰብ ችሎታ ማጣት ብለው ነው። አሁን ጓንቱን እንመልከተው። እጇ እንዳይቃጠል ጓንት የፈለገች ሴት አመዛዝናለች ወይስ አላመዛዘነችም? ዐቃቤ ሕግ ጓንቱንና ቀድሞ የተገዛውን ቤንዚን ይዞ ይመጣል። ጊዜ ማለፉ ብቻውን አሁን አይጥላትም፤ ዝግጅቱ ግን ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርባታል።

ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚቀበለው መነሻ ሊኖር ይገባል። ወይ ከሟቹ ከባድ ጥቃት ፈርታ ነው፣ ወይ እጅግ ከባድ የሆነ ነገር ተደርጎባት ወይም ተነግሯት፣ ተበድያለሁ ብላ ማሰቧ ተገቢ ሆኖ ነው። እዚህ ላይ ካውያው፣ የጠዋቱ ዛቻና አሥር ዓመቱ ለእሷ ያደላሉ። በአንጻሩ ባል ወይም ሚስት ከሌላ ሰው ጋር መተኛቱ ብቻውን መነሻ አይሆንም፤ በአገር ቤት ወሬ "ቀንቶ ነው" ተብሎ የሚታዘንለት ሰው እዚያ በዚህ ብቻ አይድንም። ታስቦበት የተያዘ የበቀል ፍላጎትም በሩን ይዘጋል። ለእኔ ይህን ለመያዝ የረዳኝ የራሳችን ቃል ነው፤ ቂም። ደም መፍላትና ቂም መያዝ በአማርኛ መቼም አንድ ሆነው አያውቁም፤ ሕጉም ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው።

ሦስተኛው ላይ ነው የቀይ እስክሪብቶው ጥያቄ የገባኝ። ጁሪው በዕድሜና በፆታ እሷን የምትመስል፣ የተለመደ ትዕግሥት ያላት ሴት በእሷ ቦታ ብትሆን ተመሳሳይ ነገር ልታደርግ ትችል ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። የእሷ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ትዕግሥቷን አሳጥሮት ከሆነ፣ ያ ማጠር እዚህ አይቆጠርላትም። መለኪያው የጤነኛ ሰው ትዕግሥት ነው። እኔ ሕመሙንና ቁጣውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስቀላቅል፣ ሕመሙን ከማይጠቅምበት ቦታ ወስጄ እያስገባሁት ነበር።

ቦታው በቀኝ በኩል ነው። የተቀነሰ ኃላፊነት በ1957 ሕግ ገብቶ በ2009 ተሻሽሏል። የአእምሮ አሠራሯ የተዛባ መሆን አለበት፤ መዛባቱም ሐኪሞች ከሚያውቁት ሕመም የመጣ። ይህም የምታደርገውን የመረዳት፣ በሥርዓት የመፍረድ ወይም ራሷን የመግዛት ችሎታዋን በጉልህ ጎድቶት፣ ለድርጊቷም ማብራሪያ መሆን አለበት። "በጉልህ" የሚለውን ቃል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በጎልድስ ጉዳይ ተመልክቶታል፤ ጉዳቱ ከኢምንት በላይ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በዚያ ሌሊት ጠጥቶ መስከርም ብቻውን ሕመም ተብሎ አይቆጠርም።

በዚህ መንገድ ጓንቱ ያን ያህል አይጎዳትም። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰው ተረጋግቶ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ጥያቄው ፍርዱ ጤነኛ ነበር ወይ ነው። ዋጋ የምትከፍለው በሌላ በኩል ነው። ራስን መቆጣጠር ማጣትን ያነሳ ተከሳሽ ጁሪ ሊቀበለው የሚችል በቂ ማስረጃ ካሳየ፣ ከጥርጣሬ በላይ ማፍረሱ የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። የተቀነሰ ኃላፊነትን ግን ማስረዳት ያለበት ራሱ ተከሳሹ ነው፤ ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ እንደሚያመዝን አድርጎ። ስለዚህ ሐኪም የግድ ነው።

ወረቀቱ ሲያልቅ ትክክለኛው ፍርድ ከጻፍኩት ጋር ገጠመ። በ1992 ይግባኙ የተሳካላት በቀኙ በኩል፣ በሕመሟ ነው። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት ዐቃቤ ሕግ በተቀነሰ ኃላፊነት ማንስሎተርን ተቀበለ፤ የተፈረደባት ሦስት ዓመት ከአራት ወር ቀድሞ የታሰረችው ጊዜ ስለነበር በነፃ ወጣች። ድጋሚ ፈተናዬን ያለፍኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ መርደር፣ ቀጥሎ ቁጣ ለብቻው፣ ሕመም ለብቻው፣ በእያንዳንዱም ሥር ማን እንደሚያስረዳ።

ለእናትዬዋም ቡና ላይ እንዲሁ አስረዳኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙኝና "እና መጀመሪያ ስትፈረድባት ሐኪሙ የት ነበር?" አሉ።

"ዘገባው ነበረ" አልኳቸው። ከመጀመሪያው ችሎት በፊት ተጽፎ ጭንቀት እንዳለባት ይናገር ነበር፤ ማንም አንስቶ አልተከታተለውም፤ መከላከያውም በችሎት አልቀረበም።

"ከሦስት ዓመት በላይ?"

"አዎ፣ እማማ። ከሦስት ዓመት በላይ።"