ከፒያሳ የማይጀምር መንገድ

ትናንት ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው የሚኖረው። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌለት ነበር። የሚሄድባቸውን ቦታዎች ይቀበልና በየትኛው ቅደም ተከተል ቢዞር መንገዱ እንደሚያጥር ሁሉንም አሰላለፍ ሞክሮ ይነግረዋል።

«ስሚ፣ ይሄ ነገር ለምንድን ነው ከፒያሳ የማያስጀምረኝ? እኔ እኮ አራት ኪሎ ነኝ፣ አጠገቤ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የነበሩት ሦስት ቦታዎች ፒያሳ፣ መገናኛ እና ሳሪስ ናቸው። በኔ ሰንጠረዥ 1፣ 2 እና 3። ከአራት ኪሎ ተነስቶ መጀመሪያ መገናኛ ወርዶ ወደ ፒያሳ የሚመለስ ሰው የለም። ፕሮግራሙ ግን ከፒያሳ የሚጀምር መንገድ አንድም አላቀረበለትም።

ቁጭ ብዬ የሞከራቸውን አሰላለፎች በሙሉ አሳተምኩ። ሦስት ቦታ ስድስት አሰላለፍ አለው፣ ስድስት መስመር ወጣ። ቁጥሩ ልክ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ነው ያስተዋልኩት። 213፣ 231፣ 312፣ 321፣ ከዚያ እንደገና 213 እና 231። ሁለቱ ተደግመዋል። 123 እና 132 ግን የሉም። በ1 የሚጀምሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው የጠፉት፣ ማለትም ፒያሳ።

የተጠቀምኩት ዘዴ አንድን አሰላለፍ ይዞ፣ ተጨማሪ ዝርዝር ሳይሠራ፣ እዚያው አሬዩ ውስጥ በመዝገበ ቃላት ቅደም ተከተል ቀጣዩን ማውጣት ነው። የቆየ ዘዴ ነው፤ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ናራያና ፓንዲታ በ1356 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል። ሐሳቡ በጣም ደስ ይለኛል። ቀጣዩን ለማግኘት በተቻለ መጠን ከቀኝ በኩል ያለውን ብቻ ነው የምንነካው፣ ልክ ስንቆጥር መጀመሪያ የአንድ ቤቱን እንደምንቀይረው።

2 4 6 5 3 1 ን እንውሰድ። ከቀኝ ወደ ግራ ስንሄድ 1፣ 3፣ 5፣ 6 እያለ ይጨምራል። ይህ ጭራ ከትልቅ ወደ ትንሽ ስለተደረደረ በራሱ የመጨረሻው አሰላለፍ ላይ ደርሷል፣ እሱን ብቻ በማገላበጥ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከእሱ በፊት ያለው 4 መነሳት አለበት። በእሱ ቦታ የሚገባው ከጭራው ውስጥ 4ን የሚበልጥ ትንሹ ቁጥር ነው፣ 5። ስናቀያይራቸው 2 5 6 4 3 1 ይሆናል። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። 4 የገባው 5 በነበረበት ቦታ ስለሆነ ጭራው አሁንም ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደተደረደረ ነው። ስለዚህ ሶርት ማድረግ አያስፈልግም፣ መገልበጥ ብቻ ይበቃል። 2 5 1 3 4 6። አለቀ።

የኔ ስህተት የመጣው ከመጨረሻው አሰላለፍ ላይ ነው። 3 2 1 ላይ ስንደርስ ከቀኝ ጎረቤቱ የሚያንስ ቁጥር የለም። የሚነሳውን ቦታ የሚፈልገው `i` እየቀነሰ ሄዶ -1 ላይ ይቆማል። ጃቫ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ የስህተት መልዕክት አውጥቶ ቀጥ ይል ነበር። ፓይተን ላይ ግን `a[-1]` ትክክለኛ ነገር ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ ኮዴ ዝም ብሎ ቀጠለ። 1ን እንደሚነሳው ቁጥር ቆጠረው፣ ከእሱ የሚበልጠውን 2 አገኘ፣ አቀያየራቸውና 3 1 2 አደረገ፣ ከዚያ ከ`i + 1` ጀምሮ፣ ማለትም ከ0 ጀምሮ፣ ሙሉውን ገለበጠው። 2 1 3። ወደ 1 2 3 መመለስ ሲገባው መሃል ላይ ገባና አራቱ ላይ ብቻ መሽከርከር ጀመረ።

ስሞክረው ለምን አልታየኝም? ከ1 2 3 ጀምሬ ስድስት ጊዜ ስላስኬድኩት ነው። እንዲያ ሲሆን ስድስቱም በትክክል ይወጣሉ፣ የተበላሸው ከስድስተኛው በኋላ የሚመጣው ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አያየውም። የአክስቴ ልጅ ትዕዛዝ ግን በ2 1 3 ነበር የመጣው። አሁን መስመር መቁጠር ትቼ አሰላለፎቹን ድግግሞሽ በማይዝ `set` ውስጥ እየከተትኩ ስንት የተለያዩ እንደሆኑ ነው የማየው። ያኔ 6 ሳይሆን 4 ይል ነበር።

ማታውኑ ያስተካከልኩት ይሄ ነው፦

```python
def next_perm(a):
    i = len(a) - 2
    while i >= 0 and a[i] >= a[i + 1]:
        i -= 1
    if i >= 0:
        j = len(a) - 1
        while a[j] <= a[i]:
            j -= 1
        a[i], a[j] = a[j], a[i]
    l, r = i + 1, len(a) - 1
    while l < r:
        a[l], a[r] = a[r], a[l]
        l, r = l + 1, r - 1
    return i >= 0
```

የጎደለችው `if i >= 0` ብቻ ነበረች። `i` -1 ሲሆን ማቀያየሩ ይዘለላል፣ መገልበጡ ግን ከ0 ይጀምርና 3 2 1 ን 1 2 3 ያደርገዋል። ለመጨረሻው አሰላለፍ የተለየ ኮድ አላስፈለገም። የሲ ፕላስ ፕላስ `std::next_permutation` ም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ወደ መጀመሪያው ይመልስና `false` ይላል።

ያም ሆኖ አልጨረስኩም ነበር። `False` ሲመጣ ሉፑ ይቁም ብዬ ከ2 1 3 ሳስጀምረው አሁንም አራት ብቻ ወጣ፣ ያው 123 እና 132 ቀሩ። በዚህኛው ጊዜ ፈንክሽኑ ምንም አላጠፋም። `False` የሚለው የመጨረሻው ላይ ደርሻለሁ ነው እንጂ ሁሉንም አይቻለሁ አይደለም፣ ከመሃል የጀመረ ሰው ደግሞ ከኋላው የቀሩትን አያገኛቸውም። ሁለት አማራጭ ነበረኝ። ወይ ቀድሞ ሶርት አድርጎ `False` ላይ መቆም፣ ወይ `False` ን ችላ ብሎ የተነሳንበት አሰላለፍ ተመልሶ እስኪመጣ መዞር። ሶርት ማድረጉን መረጥኩ፣ ሲያነቡት ይገባል።

እግረ መንገዴን የእኩል ምልክቶቹንም ፈተሽኳቸው፣ አንዳንዴ ፒያሳ ሁለት ዕቃ ይኖራልና። 1 1 2 ሦስት አሰላለፍ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው `while` ላይ `<=` ን ወደ `<` ብቀይረው 1 1 2 ወደ 1 2 1 ይሄዳል፣ ከዚያ 1ን ከ1 ጋር ያቀያይርና ጭራውን ገልብጦ ወደ 1 1 2 ይመለሳል። 2 1 1 ላይ በጭራሽ አይደርስም፣ `False` ም አይመጣም፣ ሉፑ ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል። በኔ ኮድ ላይ ይህቺ ልክ ነበረች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አዲሱን ላክሁለት። ዛሬ ጠዋት መልስ ጻፈልኝ፤ «ፒያሳ፣ መገናኛ፣ ሳሪስ ይላል። ወጣሁ።»