ካርዷ ላይ ምን እንጻፍላት?

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ነበር። ባሕር ዳር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁላችንም ካርድ ላይ አቀርቅረናል። አንድ የአራተኛ ክፍል ኃላፊ፣ ወጣት መምህር ነው፣ የአንዲት ተማሪውን ካርድ ይዞ መጣ። አስተያየት በሚለው ቦታ በእርሳስ «ዓይን አፋር ናት። የክፍል ተሳትፎዋ ደካማ ነው» ብሏል።

«ቲቸር፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ።

«በቡድን ሥራስ እንዴት ናት?»

ፊቱ በራ። ስለ ጣና ሲማሩ የእሷ ቡድን እምቦጭን እንዲያስረዳ ተመድቦ ነበር። አንዱ ልጅ «አረንጓዴ ስለሆነ ለዓሣው ጥሩ ነው» ይላል። እሷ ደብተሯን ወደ መሐል ገፋ አድርጋ ሥዕል ሣለችለት። እምቦጩ ውኃውን ሲሸፍነው ብርሃን ወደ ታች እንደማይገባ፣ ዓሣው የሚተነፍሰው አየር እንደሚያንስ፣ ታንኳም ማለፊያ እንደሚያጣ አስረዳችው። ልጁ ሐሳቡን ቀየረ። ሊያቀርቡ ሲነሱ ግን ወረቀቱን ለጎረቤቷ ሰጥታ አንገቷን ደፋች።

ይሄ ሁሉ ካርዱ ላይ የለም። «ተሳትፎዋ ደካማ ነው» የሚለውን ያነበበ አባት ልጄ አልገባትም ብሎ ነው የሚያስበው። ልጅቷ ግን ታውቃለች፣ ታስረዳለችም። የሚከብዳት ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ሲያያት ብቻ ነው። «ዓይን አፋር» የሚለውም ወላጅ ምን እንደሚያደርግበት አይነግረውም። ስለዚህ ያየውን ብቻ እንዲጽፍ ነገርኩት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ቆራርጠን እዚህ ደረስን፦

«በቡድን ሥራ ሐሳቧን በግልጽ ታስረዳለች፤ ጓደኞቿንም ታዳምጣለች። በሙሉ ክፍሉ ፊት ብዙም አትናገርም። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት የቡድኗን መልስ ከመቀመጫዋ ሆና እንድታነብ እናለማምዳታለን።»

«ከመቀመጫዋ» ያልነው ሰሌዳው ጋ መውጣቱ ራሱ ስለሚያስፈራት ነው። መምህሩም ተራዋን ቀድሞ ሊነግራት ተስማማ፤ በድንገት ስሟ ሲጠራ የምታውቀውም ይጠፋባታል። ንባቡን ስትለምድ ከጓደኛዋ ጋር ቆማ ታቀርባለች።

ቡድን ውስጥም ዝም የምትል፣ በእረፍት ሰዓትም ለብቻዋ የምትቀመጥ ልጅ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አንጽፍም ነበር። ያኔ በደንብ ትሰማለች ወይ፣ ቤት የምትናገረው ሌላ ቋንቋ ነው ወይ፣ የሚያስፈራራት ልጅ አለ ወይ ብለን እናጣራለን። ወላጅም በካርድ ሳይሆን በአካል ይጠራል።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን እናቷ አስተያየቱን አንብባ «ቤትማ አፏ አይዘጋም! እንግዳ ሲመጣ ግጥም በይ ልበላት እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ለጊዜው ይቅርብሽ» አላት መምህሩ። «ይልቅ በነጋታው የምታነበውን ማታ ለአንቺ ታንብብልሽ። ስትሳሳት አታቋርጫት፤ ትጨርስ።»