ክቡ መዞር ያቆመበት ሦስተኛ ሳምንት

የምንኖረው ሐዋሳ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። የኢንተርኔት መስመራችን 20 ሜጋ ቢት ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ስማርት ቲቪ አለ፤ አንዱ ሳሎን፣ ሌላው ጥግ ላይ ያለው የእናቴ መኝታ ክፍል። ጠዋት ሁለቱም ያለ ችግር ይሠራሉ። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ቪዲዮው እየቆመ ያ የመጠበቂያ ክብ መዞር ይጀምራል፣ እህቴም «ይኸው፣ መጣ ደግሞ!» ትላለች።

አንደኛ ሳምንት። መስመሩን ነበር የምረግመው። ከመደወሌ በፊት ግን ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ ልክ ክቡ በሚዞርበት ሰዓት ፍጥነቱን ለካሁ። 18 ገደማ አሳየኝ። ሳሎን ባለው ቲቪ ላይ ደግሞ ዩቲዩብ ከፍቼ ከቅንብሩ Stats for nerds የሚለውን አበራሁት። Connection Speed የሚለው ቁጥር ከ3 ሜጋ ቢት በታች ይዋልላል፤ Buffer Health የሚለው፣ ማለትም ቀድሞ የተጫነው ቪዲዮ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚነግረው፣ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ራውተሩ ድረስ ደህና ይመጣል፤ የሚጠፋው ከራውተሩ እስከ ቲቪው ባለው አየር ላይ ነው።

ምክንያቱ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤቶቻችን ምንም ባያጠፉም። በስልኬ የዋይፋይ መቃኛ አውርጄ ስቆጥር ከሳሎናችን ብቻ 17 የዋይፋይ ስም ይታያል፣ አብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም ራውተራችን ከሚጠቀምባቸው ሁለት የሞገድ ባንዶች በአንዱ፤ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ነው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ያ ሁሉ ቤት ሦስት ቻናል ሲካፈል ተራ መጠበቅ ይመጣል። ጠዋት ሰው ሥራ ስለሚውል ወረፋው አይታወቅም፣ ማታ ሁሉም ሲገባ ይታወቃል።

ሁለተኛ ሳምንት። ሳሎኑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ለማዛወር ተነሳሁ። (ራውተሩ ላይ ስሙ መጨረሻ _5G ተብሎ ስለተጻፈ አጎቴ የሞባይሉ 5ጂ መስሎት «መቼ ገባላችሁ?» አለኝ። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ አይገናኙም።) ስልኬ ያየዋል፣ ቲቪው ግን ጭራሽ አያየውም። «ቲቪው አይችልም» ብዬ ልተወው ነበር። ኋላ ስመለከት ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ተትቶ 100 ላይ ሄዷል። ይህ ዋይፋይ ከራዳር ጋር የሚጋራው ክልል ነው፤ እዚያ ያለውን የማያነቡ ቲቪዎች አሉ። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ቻናሉን በእጄ 36 አደረግሁት፣ ስሙ ወዲያው ቲቪው ላይ ወጣ። ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ሰጠሁ፣ ቲቪው ወደ 2.4 እንዳይመለስብኝ የድሮውን እንዲረሳ አደረግሁ። ያን ማታ የሳሎኑ ፍጥነት ከ16 አልወረደም፤ ኤችዲ ለማየት 5 ገደማ ስለሚበቃ ተረፈው።

የእናቴ ክፍል ግን እምቢ አለ። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ይጠላል። ሳሎን ስልኬ ላይ -55 የሚያሳየው የሲግናል ጉልበት፣ ሁለት ግድግዳ አልፎ -82 ደረሰ (ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ነው የሚጠነክረው)። 2.4 ይደርሳል፣ ግን ወረፋው ያው ነው። የቀረው ኬብል ነው።

ሦስተኛ ሳምንት። 15 ሜትር ካት ፋይቭ ኢ የኔትወርክ ኬብል ገዛሁ፣ ጫፎቹን አንድ ሱቅ ጨመቁልኝ። የኬብል መሞከሪያዋን ሲሰኩ ስምንቱም መብራት በተራ በራ፤ «ንጹህ ነው» ተባልኩ። ቤት ስሰካው ቲቪው ተገናኘ ይላል፣ ቪዲዮው ግን ከዋይፋዩም ብሶ ይቆራረጣል።

ሁለት ማታ ከተናደድኩ በኋላ ጫፉን በስልክ መብራት አየሁት። ሽቦዎቹን በጥንድ በጥንድ ነበር የደረደሯቸው፤ ብርቱካናማው ከነጩ ጋር፣ አረንጓዴው ከነጩ ጋር፣ እንዲህ እያለ። ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ቲቪው የሚጠቀመው በተራ ቁጥር 1 እና 2 ላይ ያሉትን ሽቦዎች፣ ከዚያ 3 እና 6ን ነው። 3 እና 6 አንድ ላይ ከተጠማዘዘ ጥንድ መምጣት አለባቸው፤ ካልሆኑ መጠማዘዙ የሚከላከለው ጣልቃ ገብነት ይገባና ዳታው ይበላሻል። መሞከሪያዋ የምታየው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሆነ ይህን አትይዝም። ጫፎቹን ቆርጬ በዚህ ተራ አስጨመቅኋቸው፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው መሀል መለያየቱ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን የእናቴ ቲቪ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ 18 ያሳያል፣ Buffer Healthም ወደ ዜሮ አይወርድም። የቲቪው የኬብል ቀዳዳ ጣሪያው 100 ሜጋ ቢት ነው፣ ብዙ ቲቪዎች እንዲሁ ናቸው፤ ለ20 ሜጋ ቢት መስመር ግን ምን ቸገረኝ። ሳሎኑን በ5 ጊጋኸርዝ ተውኩት፣ ለእሱም ኬብል ብዘረጋ በር ላይ እያለፈ ሰው ያደናቅፋል።