ስልክ ቁጥሩ ለምን ተገለበጠ? አማርኛና ዓረብኛ በአንድ ስላይድ

ጥምቀት ሲቃረብ፣ ጎንደር ለሚመጡ ዓረብኛ ተናጋሪ እንግዶች ስለ ፋሲል ግቢ ስላይድ ሠራሁ። አማርኛው በግራ፣ ዓረብኛው በቀኝ ነው። መጀመሪያ ዓረብኛውን ወደ ቀኝ ብቻ አስጠጋሁትና የዓረፍተ ነገሩ ነጥብ መነሻው ላይ ቁጭ አለ። ማስጠጋትና አቅጣጫ መቀየር ለየብቻ ናቸው። የአንቀጹን አቅጣጫ `Right-to-Left` ሳደርገው ነጥቡ ቦታው ገባ።

የከበደኝ የቁጥሩ ነገር ነው። አፄ ፋሲል የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው። ከዓረብኛው ስማቸው ቀጥዬ 1632-1667 ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ግን 1667-1632 ብሎ አሳየኝ። ስህተት መስሎኝ በእጄ አገላበጥኩት። አዲስ ዓለም ሰፈር የሚኖሩ የዓረብኛ አስተማሪ ሲያዩት፣ "ልጄ፣ እኛ ከቀኝ እኮ ነው የምናነበው። አሁን 1667 ቀደመ" አሉኝ። ለካ መጀመሪያ የነበረው ትክክል ኖሯል!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዓረብኛም የአማርኛም ፊደል የራሱ አቅጣጫ አለው። ቁጥር ግን ከፊቱ ያለውን ፊደል ያያል። ዓረብኛ ቃል ከቀደመው፣ በሰረዝ ወይም በባዶ ቦታ የተለያዩ ቁጥሮች ከቀኝ ወደ ግራ ይደረደራሉ። የእያንዳንዱ ቁጥር አሃዞች ግን አይገለበጡም። እዚያው ዓረብኛ መስመር ላይ ከቁጥሩ በፊት "ፋሲል" ብዬ በአማርኛ ስጨምር፣ ያው ጽሑፍ 1632-1667 ሆኖ ታየ። ስለዚህ ለዘመናት ሰረዙን ትቼ "ከ... እስከ" የሚለውን በዓረብኛ ቃል ጻፍኩት። አሁን ማንም አይሳሳትበትም።

ስልክ ቁጥር ላይ ግን ያው ሕግ ጥፋት ያመጣል። ለምሳሌ ይህን ብትጽፉ፦

```
+251 58 000 1122
```

ከዓረብኛ ቃል በኋላ እንዲህ ይታያል፦

```
1122 000 58 251+
```

እንግዳው እንዳየው ቢደውል አይገባለትም። መድኃኒቱ ከመደመር ምልክቱ በፊት የማይታይ ምልክት ማስገባት ነው፤ ስሙ LRM፣ ቁጥሩ U+200E ነው። እኔ ዎርድ ላይ `200E` ጽፌ `Alt+X` እጫናለሁ፤ ከዚያ ኮፒ አድርጌ ስላይዱ ላይ እለጥፈዋለሁ። ቁጥሩ ወዲያው ይስተካከላል።

ምልክቱን ከማስገባቴ በፊት ግን አንድ ነገር አጣራለሁ። ጠቋሚውን ከቁጥሩ መጨረሻ አድርጌ `Backspace` አንዴ እጫናለሁ። መጀመሪያ የጠፋው የመጨረሻዋ 2 ከሆነች፣ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የተገለበጠው እይታው ብቻ ነው፤ 2ቷን መልሼ እጽፋታለሁ። ሌላ አሃዝ ከጠፋ ግን ከእኔ በፊት አንድ ሰው በእጁ ነካክቶታል፤ ያኔ ሙሉውን አጥፍቼ እንደገና እጽፈዋለሁ።

ምልክቱ ስለማይታይ፣ ቁጥሩን ደግሞ የሚጽፍ ሰው ሳያውቅ ያጠፋዋል። ለአስጎብኚዎቹ የምልከውን በፒዲኤፍ ያደረግኩት ለዚህ ነው።