እትዬ የነገሩኝ ጨለማ

ዛሬ ከሰዓት አክስቴ ለገና ላሊበላ የሄዱበትን ጉዞ ሲነግሩኝ በስልኬ ስቀዳቸው ዋልኩ።

ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው፣ የሲኦል ምሳሌ የሚባለው ዋሻ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቀየረ። መብራት አይያዝም፤ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። "መጀመሪያ ራሴን እንዳልመታ ፈራሁ። መሃል ላይ ግን... ሌላ ነው ልጄ። እንዴት ብዬ ልንገርህ።" ዝም አሉ። የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ።

ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ሩዶልፍ ኦቶ በ1917 እ.ኤ.አ. "ኑሚነስ" ያለው፣ ሰው በቅዱስ ነገር ፊት የሚሰማው ስሜት፣ ይህን ይመስለኛል። ምስጢር ነው፣ ያስፈራል፣ ግን ይስባል። ሦስቱም አብረው።

እኔ ግን ትረካቸውን ስመረምር በምስጢሩ አልጀመርኩም፣ ፍርሃቱን ለሁለት ከፈልኩት። ራስን መመታት ተራ ፍርሃት ነው፤ ዋሻው ሲያልቅ ያልቃል። ሁለተኛው ግን ብርሃን ላይ ከወጡ በኋላም አልለቀቃቸውም። "ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ መሬቱን ሳምኩ" አሉኝ። ከአደጋ ያመለጠ ሰው ይሮጣል እንጂ የፈራበትን መሬት አይስምም። ምስጢሩ ደግሞ ያለው ዝም ያሉበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ቅጂውን ስጽፍ ዝምታውን አልዘለልኩትም።

አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። "ሲኦል" የሚለውን እዚያው ጨለማው ውስጥ ተሰማቸው ወይስ በኋላ ከስብከት የመጣ ቃል ነው? ከትረካው ብቻ መለየት አልቻልኩም።

በመጨረሻ "ያን ያህል ከፈሩ ድጋሚ ይገቡበታል?" አልኳቸው።

"ሦስቴ ገብቻለሁ እኮ!"