ምትክ የሌለው ወርቅ

ዛሬ ደብሮኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት የለውም። ዝናቡም እንደኔው ነው፣ አይጥልም አያባራም። ሻይ አፈላሁ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

አንዲት የማውቃት ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። ኒው ዮርክ ታይምስ በ2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር የጀመረው «ኮኔክሽንስ» የሚባል ጨዋታ አለ አይደል? 16 ቃላት ይሰጡሃል፣ አራት አራት አድርገህ በዝምድናቸው ትመድባለህ። አራተኛው ስህተት ላይ ጨዋታው ያበቃል። እሷ በአማርኛ ሠርታው ነው፣ በደብተር ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ፦

ሙዝ፣ ወርቅ፣ ፍርድ፣ ፀሐይ
ጠጅ፣ ማንጎ፣ አልማዝ፣ ነሐስ
ብርቱካን፣ ወጥ፣ ብር፣ አናናስ
መዳብ፣ መስከረም፣ ፓፓያ፣ ሻይ

ጋሼም ደርሶት ኖሮ ወዲያው ፍራፍሬዎቹን ያዘ። ማን አይይዝም? ዓይን የሚገባው እሱ ነው። ችግሩ ፍራፍሬዎቹ አምስት ናቸው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን። ጋሼ ሙዝን ትቶ ላከ። «አንድ ቀርቷል» አለችው። ሦስቱ ትክክል፣ አንዱ ስህተት ማለት ነው። ማንጎን አወጣ፣ አሁንም አንድ ቀርቷል። አናናስን አወጣ፣ ያው። ይህ መልስ ሲሰሙት የሚረዳ ይመስላል እንጂ አምስት ተወዳዳሪ ላለው ቡድን ምንም አይነግርህም። ትክክለኛውን እስክታወጣ ድረስ ሁልጊዜ አንድ ነው የሚቀረው። ጋሼ ፓፓያንም አወጣና አራቱን ዕድል አንድ ቡድን ላይ ጨረሰ። ብርቱካን ቁጭ ብላ ታየዋለች። ከዚያ «ጨዋታው ራሱ የልጅ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እኔ መጀመሪያ የምፈልገው ቀላሉን ቡድን አይደለም። ምትክ የሌለውን ነው። አምስት ሰው የሚሰለፍበትን ቡድን አየሁና አልነካሁትም። ይቆይ። ከዚያ ቤት የሌላቸውን ቃላት ፈለግሁ። «ፍርድ» ብቻውን ቆሟል፣ ከፍራፍሬ ጋር አይሄድ፣ ከማዕድን ጋር አይሄድ። ፍርድ ቤት! ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ሻይ ቤት። ተንኮለኛዋ ጠጅና ሻይን ያስገባችው መጠጥ ፍለጋ እንድንባዝን ነው። አራት ሞላ ብዬ ልልክ ስል ግን ወርቅን አየሁት። ወርቅ ቤትም አለ። ይኸውላችሁ፣ እዚህም አምስት። ይህም ይቆይ።

መዳብና ነሐስ ግን ሌላ የትም መግቢያ የላቸውም። ብረታ ብረት ናቸው፣ አለቀ። ሦስተኛ ብር። አራተኛ? አልማዝ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ግን አልማዝ ድንጋይ ነው። የቀረው ወርቅ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አራት ስለሞላ ብቻ አይላክም። አራት የሚመስልህ አምስተኛውን ስላላየኸው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው «ወርቅን ብወስድ ማን ይጎዳል?» ነው። ቤት ያለ ወርቅም አራት አለው። ብረታ ብረቱ ያለ ወርቅ ሦስት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወርቅ የማን እንደሆነ ክርክር የለውም።

ብረታ ብረቱን ስልከው የቤቱ ቡድን በራሱ አራት ሆነ። ላክሁት። የቀሩት ስምንት ናቸው፤ አምስቱ ፍራፍሬ፣ ሌሎቹ አልማዝ፣ ፀሐይና መስከረም። የሴት ስሞች ናቸው፣ አንዲት ይጎድላቸዋል። ሙዝ የምትባል ሴት አላውቅም። ብርቱካን የምትባል ግን ሁላችንም አክስት አለችን።

አንድም ዕድል ሳላቃጥል ጨረስኩ። ለጋሼ ልደውልለት አሰብኩና ተውኩት፣ ዕድሜ ይከበራል።

ከዚያ መልሼ ላስቸግራት ብዬ የራሴን መሥራት ጀመርኩ። የሴት ስሞች ላስገባ አልኩና «አበባ» ብዬ ጻፍኩ። አበባ ቤት። ሰረዝኩት። «ስጦታ»። ስጦታ ቤት። እንዲህማ ከሆነ መልሱ ሁለት ዓይነት ሊወጣ ነው። መልሱ ሁለት ከሆነ ደግሞ ያቺ ልጅ እስከ ፋሲካ ትስቅብኛለች። የቤቱን ቡድን ላውጣው አልኩ፣ ግን ወደድኩት። ወረቀቱ ሙሉ ስርዝ ሆኗል፣ ነገ በጠዋት ሥራ አለኝ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በየሰዉ ስም ላይ ሱቅ እከፍታለሁ።

ፀሐይንና መስከረምን እሷ ወስዳቸዋለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ዕቃም የሆነች፣ ሱቅ ግን የማይከፈትባት የሴት ስም ማን አለች?